ሲዲኤል በአማርኛ፦ የአንድ ዩቲዩብ ቻናል የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 2017፦ ርዕስ መረጣ

በአማርኛ ዩቲዩብ ላይ ዜና፣ ትንታኔና ቃለ መጠይቅ የሚሠራው መዓት ነው። እዚያ ሰፈር የገባ ሰው በየቀኑ ማውጣት አለበት፤ የትናንትን ዜና ዛሬ የሚከፍት የለም። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ መሪ ላይ ነኝ። ለቪዲዮ የሚተርፈኝ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ማታ ስለሆነ፣ የምፈልገው አንዴ ተሠርቶ ከዓመት በኋላም ሰው ፈልጎ የሚያየውን ዓይነት ነው።

ስለዚህ የማውቀውን ያዝኩ፤ ሲዲኤል፣ የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ። በዋሽንግተን ዙሪያ ካለነው ሐበሾች ታክሲና ኡበር የሰለቸው ሁሉ አንድ ጊዜ ሳያስበው አይቀርም።

ፈላጊ መኖሩን ለማየት የተለየ ነገር አላስፈለገኝም። ከራሴ አካውንት ወጥቼ መፈለጊያው ላይ cdl amharic ብዬ ስጀምር ሳጥኑ የሚያሟላልኝን ሐረጎች መዘገብኩ። እነዚያ ሰው በእርግጥ የሚጽፋቸው ናቸው። ቀጥዬ የወጡትን ቪዲዮዎች እየከፈትኩ ከሥር የተጻፈውን አስተያየት አነበብኩ። አብዛኛው ቪዲዮ የጽሑፍ ፈተናውን ጥያቄና መልስ ማንበብ ነው። ከሥር ሰው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «ወንድሜ፣ ፕሪትሪፑ ላይ ምን ምን ነው የሚባለው?» «ኤር ብሬክ ላይ ጣሉኝ፣ ምን ማለት ነበረብኝ?»

ፕሪትሪፕ ማለት ተፈታኙ ከመንዳቱ በፊት መኪናውን ከፈታኙ ጋር እየዞረ፣ እያንዳንዱን ክፍል በእጁ እያሳየ ምን እንደሚፈትሽ የሚናገርበት ነው። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የከባድ መኪና ሾፌር ለሥራው የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲያነብና እንዲናገር ስለሚያስገድድ፣ በአማርኛ ብቻ የሚያስረዳ ቪዲዮ ተፈታኙን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። የቻናሉ ቅርጽ የወጣው ከዚሁ ነው፤ ነገሩን በአማርኛ አስረዳለሁ፣ ፈታኙ ፊት የሚባለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ በእንግሊዝኛ ቀስ ብዬ ሁለቴ እላለሁ፣ ስክሪኑ ላይም እጽፈዋለሁ።

ጥቅምት 2017፦ የመጀመሪያው ቀረጻ

አንድ የማውቀው ሰው መኪናዎቹን የሚያቆምበት ግቢ አለው፤ አስፈቅጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እገባለሁ። ዕቃዬ ስልክ፣ ትራይፖድና ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ነው። ማይኩ ላይ የምታለብሰው ፀጉራም ሽፋን ከሌለ የሜዳው ነፋስ ድምፁን ይበላዋል። ከካሜራ ይልቅ ለማይክ ገንዘብ ማውጣት ይሻላል፤ ደብዘዝ ያለ ምስል ሰው ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ይዘጋል።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ በኤር ብሬክ ፍተሻ ጀመርኩ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ስለሆነ። በተሳቢ መኪና ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። ጎማው በታኮ ይያዛል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይከፈታል፣ የፓርኪንግ ብሬኮቹ ይለቀቃሉ። የእግር ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ለአንድ ደቂቃ ይያዛል፤ በዚያ ደቂቃ ውስጥ የአየር ግፊት መለኪያው ጌጅ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፍሬኑ እየተረገጠ እየተለቀቀ አየሩ ይቀነሳል። ግፊቱ ከ60 ፒኤስአይ ከመውረዱ በፊት የማስጠንቀቂያው መብራትና ድምፅ መምጣት አለበት። መቀነሱ ሲቀጥል ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል ሁለቱ የፓርኪንግ ቫልቮች ራሳቸው ይወጣሉ።

ይህን ስቀርጽ ካሜራው እኔ ፊት ላይ አልነበረም፤ ጌጁ ላይ ነው። መርፌው ሲወርድ፣ ጩኸቱ ሲጀምርና ቫልቩ «ጧ» ብሎ ሲወጣ ያለ ቆረጣ ይታያል። ያቺን አንድ ደቂቃም እንዳለች ተውኳት። ቪዲዮው አሥራ አንድ ደቂቃ ወጣ። ለርዝመቱ አልተጨነቅኩም፤ ማስታወቂያ በሚፈቀድበት ጊዜ ከ8 ደቂቃ ጀምሮ ያለ ቪዲዮ መካከሉ ላይም ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል።

ኅዳር 2017፦ ፊደልና ፍለጋ

የአማርኛ ቪዲዮ ፍለጋ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ፈተና» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው fetena ይላል፣ ብዙው ደግሞ በእንግሊዝኛ ጽፎ መጨረሻው ላይ amharic ይጨምራል። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ፀ» እና «ጸ» ላይም ሰው እንደልቡ ነው። እኔ ለርዕስ የያዝኩት ደንብ ግማሹን በፊደል፣ ግማሹን በላቲን ማድረግ ነው፦

```
የኤር ብሬክ ፈተና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ | CDL Air Brake Test Amharic
```

ሌሎቹን አጻጻፎች ማብራሪያው ውስጥ በሙሉ ዓረፍተ ነገር አስገባቸዋለሁ፤ የቃላት ክምር መደርደር አይፈለግም፣ ዩቲዩብም ይከለክለዋል። የትርጉም ጽሑፉን ራሴ ጽፌ በ.srt ፋይል እጭናለሁ። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ግን በእንግሊዝኛ የሚባለውን ዓረፍተ ነገር ተመልካቹ አቁሞ የሚገለብጠው ከዚያ ነው።

የሽፋን ሥዕል ላይ ከአራት ቃል በላይ አልጽፍም። የግዕዝ ፊደል በስልክ ስክሪን ላይ ሲያንስ «ለ» እና «ሰ» ይመሳሰላሉ። ሠርቼ ስጨርስ ስልኬ ላይ አውራ ጣት በሚያህል መጠን አየዋለሁ፤ ካልተነበበ እቀንሳለሁ።

ጥር 2017፦ ግራፉ

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ከቁጥሮቹ ሁሉ የማየው ሁለቱን ነው። አንደኛው ሽፋኑ ከታያቸው ሰዎች ስንቱ ነካው የሚለው ነው። ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው ግማሾቹ ቻናሎች ከ2 እስከ 10 በመቶ መካከል ናቸው፤ እኔም እዚያው ውስጥ ስላለሁ አላሳሰበኝም። ሁለተኛው አማካይ ተመልካች ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለው ነው፤ እውነተኛው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

ባለቤቴ ቪዲዮ ስታይ፦ «ሰላምታ እንኳ የለህም እንዴ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የለመድነው «ሰላም ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ፣ የእግዚአብሔር ሰላም…» እያለ ቆይቶ፣ ሰብስክራይብና ደወሏን አስከትሎ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሞከርኩ። አንዱ ቪዲዮ በሰላምታ ተጀመረ፣ ሌላው ቀጥታ «ይህ ስላክ አድጀስተር ይባላል፤ ፍሬኑ ተለቆ በእጅ ስትጎትተው ከአንድ ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም» ብሎ። በሰላምታ የተጀመረው ግራፍ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሰከንዶች ገደል ነው፤ ሁለተኛው ቁልቁል ቢሄድም በቀስታ ነው። ፈልጎ የመጣ ሰው መልሱ እዚህ መሆኑን ቶሎ ማየት ይፈልጋል። አሁን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱን ይነካና «ሰላም ናችሁ» ከዚያ ይከተላል። ባለቤቴም በዚህ ታረቀች።

ግራፉ ወደ ላይ ጉብ የሚልበት ቦታም አለ፤ ሰው መልሶ ያየበት ነው። በኤር ብሬኩ ቪዲዮ ጉብታው በእንግሊዝኛ የሚባለውን በምደግምበት ላይ ነው። ከዚህ ተነሥቼ የእንግሊዝኛውን ንግግር ብቻ፣ ያለ ማብራሪያ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምለውበት ቪዲዮ ሠራሁ። ሰው መኪና ውስጥ ከፍቶት እየሸመደደ ነው መሰለኝ፣ አማካይ ቆይታው ከሁሉም ይበልጣል።

የካቲት 2017፦ ሂሳቡ

ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት በቻናሉ ላይ 1,000 ሰብስክራይበር እና ባለፉት 12 ወራት 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ያስፈልጋል። የሰዓቱ ምትክ ባለፉት 90 ቀናት 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ ነው። ያ በቀን ከመቶ ሺህ በላይ ስለሆነ ሲዲኤል ለሚያስተምር የአማርኛ ቻናል ወሬም አይደለም።

4,000 ሰዓት ሲባል ያስፈራል፤ ወደ ደቂቃ ሲመነዘር 240,000 ነው። አማካይ ተመልካች አራት ደቂቃ ከቆየ 60,000 እይታ ይበቃል። ስድስት ደቂቃ ከቆየ 40,000፣ ማለትም በዓመቱ በየቀኑ መቶ አሥር ገደማ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ከሆነ ግን ወደ 96,000 ይወጣል። ለዚህ ነው ያንን ሠላሳ ሰከንድ የተጣላሁት፤ የቆይታው ደቂቃ በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገኝ ሰው ቁጥር ይወርዳል። የአማርኛ ተመልካች ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ወሰን የለሽ አይደለም።

ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው በተንሸራታች ዓመት ነው። ዛሬ የገባው ሰዓት የዛሬ ዓመት ይወድቃል። አንድ ቪዲዮ በአንድ ወር ውስጥ ፈንድቶ ሌላው ከቆመ፣ ቁጥሩ ሲደርስ ሲደርስ መልሶ ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሾርትስ ሲንሸራተት የታየበት ሰዓት፣ ፕራይቬት ወይም አንሊስትድ የሆነ ቪዲዮ፣ የተሰረዘ ቪዲዮና በክፍያ ማስታወቂያ የመጣ እይታ ከ4,000 ውስጥ አይገቡም። ከሾርትስ የመጣ ሰብስክራይበር ግን ይቆጠራል፤ ለዚህ ብቻ ስል አልፎ አልፎ «4 ፒኤስአይ ምንድን ነው?» ዓይነት አጭር ቪዲዮ እለቃለሁ።

ሚያዝያ 2017፦ ያልፋሉ፣ ይሄዳሉ

ሰዓቱ ከሰብስክራይበሩ ቀድሞ እየሄደ ነው። በብዙ ቻናል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ሰብስክራይብ ያደርጋል፣ የሚያይ የለም። የእኔ ተመልካች ከፍለጋ ይመጣል፣ አንዱን ቪዲዮ አምስቴ ያያል፣ ፈተናውን ያልፋል፣ «ተባረክ ወንድሜ፣ አለፍኩ» ብሎ ይጽፍና ይሄዳል። ያለፈ ሰው ስለ ፕሪትሪፕ ቻናል ምን ይሠራለታል?

የርዕስ ምርጫ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ እንዳልሆነ የታየኝ በዚህ ነው። ፈቃዱን ያገኘ ሰው የሚቀጥለው ጭንቀቱ ሎግቡክ፣ የመንዳትና የእረፍት ሰዓቱ መዝገብ ነው። 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል፣ ሥራ ከጀመረበት ግን 14 ሰዓት ካለፈ መንዳት አይችልም፣ 8 ሰዓት ከነዳ 30 ደቂቃ ማቆም አለበት። ይህ በወረቀት ቀላል ነው፤ መጋዘን ውስጥ አራት ሰዓት ሲያስጠብቁህ 14ቱ ሰዓት እየሮጠ መሆኑን ማስላት ነው ከባዱ። አንድ ቀን ከጠዋቱ እስከ ማታ ያለውን ሎግ በነጭ ሰሌዳ ላይ ሣልኩት። ቀጥሎ የራሱን መኪና የገዛ ሰው በየሩብ ዓመቱ የሚያስገባው የነዳጅ ግብር፣ ኢፍታ፤ ከዚያ ኢንሹራንስ።

እነዚህ ቪዲዮዎች ከፈተናው ያነሰ ይታያሉ። ግን የሚያያቸው ሰው ይቆያል፣ ሰብስክራይብም ያደርጋል፤ በሦስት ወር ተመልሶ መምጣቱ አይቀርምና። ሌላም ጥቅም አለ፦ አሜሪካ ሆኖ ስለ ኢንሹራንስ የሚያይ ሰው ላይ ማስታወቂያ ለማሳየት አስተዋዋቂው የተሻለ ይከፍላል።

ሰኔ 2017፦ የአክስቴ ልጅ ስልክ፣ የቴሌግራሙ ገበያ

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። «ጋሼ፣ እኔም ስልክ ጥገና ላይ ቻናል ልጀምር ነው። ብሩን በአንተ ስም እናድርገው?» አለኝ።

አይሆንም አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። የማስታወቂያ ገቢው ፕሮግራም የሚሠራው ዩቲዩብ በዘረዘራቸው አገሮች ለሚኖሩ ነው፣ ዝርዝሩም ስለሚለወጥ ከምንም በፊት እሱን ከፍቶ ማየት ነው። ገንዘቡ የሚከፈልበት የጉግል አካውንት፣ አድሴንስ፣ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ በእኔ ስም የገባ ገንዘብ የእኔ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፣ ግብሩንም እኔ ነኝ የምከፍለው። በእሱ ቻናል ላይ ችግር ቢመጣና አድሴንሱ ቢዘጋ ደግሞ የእኔም አብሮ ይቆማል። «እንግዲያው ምን ይሻለኛል?» ሲል፣ ስልክ ጥገና ላይ ከማስታወቂያ በፊት ራሱ ሥራው ገቢ እንደሆነ ነገርኩት፤ ቪዲዮውን ያየ ሰው ስልኩን ይዞ ሱቁ ይመጣል፣ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎችም በብር በቀጥታ ሊያስተዋውቁ ይችላሉ። ይህ 1,000 ሰብስክራይበር አይጠብቅም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ «4,000 ሰዓት በሁለት ሳምንት» የሚሸጡ አሉ። «ሰብስክራይብ አድርገኝ፣ አደርግሃለሁ» የሚባባሉ ግሩፖችም አሉ። በደንቡ ላይ ያለችው «ትክክለኛ እይታ» የምትለዋ ቃል ለእነሱ የተጻፈች ናት፤ የተገዛው ሰዓት ይነሣል፣ ወይም ቻናሉ ሲገመገም ይጣላል። ምልክቱ ስቱዲዮ ውስጥ ያስታውቃል፤ እይታው ከፍለጋም ከሌላ ቪዲዮም ሳይሆን ከውጭ ነው፣ ኮሜንት የለም፣ በየቀኑ እኩል ነው፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። የተለዋወጡት ሰብስክራይበሮችም አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ አይከፍቱትም፤ ቻናሉ ብዙ ሰው ኖሮት የማይታይ ይሆናል።

በዚሁ ወር፣ በፈረንጆቹ ጁን 25 ቀን 2025፣ እንግሊዝኛ የማይችል ሾፌር መንገድ ላይ በፍተሻ ከሥራ ውጪ መደረግ ጀመረ። ሕጉ ድሮም ነበረ፣ አዲስ የሆነው ቅጣቱ ነው። ኢንስፔክተር ሲያስቆም የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎችና መልሳቸውን የያዘ ቪዲዮ በዚያው ሳምንት አወጣሁ። ፍለጋውም ከፍ አለ።

ነሐሴ 2017፦ ትንሿ በር

ሰዓቱ ሞልቷል፤ ሰብስክራይበሩ ሰባት መቶን አልፏል። በአሜሪካ ያለ ቻናል 500 ሰብስክራይበር፣ 3,000 ሰዓትና ባለፉት 90 ቀናት ሦስት ቪዲዮ ካለው ቀድሞ መግባት ይችላል። ግን ይህ በር ማስታወቂያ አይከፍትም፤ የሚከፍተው አባልነት፣ ሱፐር ታንክስና በቀጥታ ስርጭት ላይ ሰው የሚሰጠውን ነው። ፈተና ሊወስድ የተጨነቀ ሰውን በየወሩ ክፈል ማለት አልፈለግኩም። ሱፐር ታንክስን ብቻ ከፈትኩ፤ አልፎ አልፎ ያለፈ ሰው የቡና ይላል። ከሱ 70 በመቶው የቻናሉ ነው።

ጥቅምት 2018፦ ግምገማ

1,000 እንደሞላ የማስታወቂያውን ውል ተቀበልኩ። ግምገማው እስከ አንድ ወር ይፈጃል ይላሉ፤ የእኔም ወደዚያው ነበር። የሚያዩት ቻናሉን በጠቅላላ ነው፦ ዋና ጉዳዩ ምንድን ነው፣ ብዙ የታዩት የትኞቹ ናቸው፣ ሥራው የራሱ ነው ወይ። የአማርኛ ቻናሎች የሚወድቁበት ዋናው ነገር የሰው ቪዲዮ ቆርጦ በላዩ ላይ ማውራት ነው። የባለቤቱ ቅሬታ ባይመጣ እንኳ «በድጋሚ የተጠቀሙበት ይዘት» ተብሎ ይመለሳል። የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔ ቻናል ላይ ሙዚቃ የለም፤ የሚሰማው ኮምፕረሰር ነው።

ቀጥሎ ግብር። እኔ እዚህ ነዋሪ ስለሆንኩ የሞላሁት ደብሊው 9 ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው ደብሊው 8 ቤን ይሞላል፤ ከአሜሪካ ተመልካች ከሚመጣው ገቢ እስከ 30 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ቅጹን ጨርሶ ያልሞላ ሰው ደግሞ ከጠቅላላ ገቢው ላይ ሊቆረጥበት ስለሚችል መዝለል አያዋጣም።

ጥር 2018፦ ገንዘቡ

ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶ ለቻናሉ፣ ቀሪው ለዩቲዩብ ነው። ስቱዲዮ ላይ የሚታየው አርፒኤም ይህ ተቀንሶ በሺህ እይታ የሚደርስህ ነው። ለሂሳብ ያህል 4 ዶላር ብለን እንያዝ። እንግዲህ ለመግባት የተለፋበት የ60,000 እይታ ዓመት ማስታወቂያ ቢኖረው ኖሮ 240 ዶላር ይሆን ነበር። ጎረቤቴ «ስንት ሺህ ታገኛለህ?» ሲለኝ ይህን ሂሳብ አሳየሁት፤ የማያምነኝ ይመስለኛል።

ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ አድሴንስ አድራሻ ለማረጋገጥ ፒን ያለበት ፖስታ ይልካል፤ ጥቂት ሳምንት ወስዶ መጣ። ክፍያ የሚላከው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። በአንድ ወር የተሠራው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አካባቢ ይጣራል፣ ከሞላ በዚያው ወር በፈረንጆቹ ከ21 እስከ 26 ባለው ይላካል። በወር ስድስት ሺህ እይታ ያለው ቻናል በዚህ ስሌት 100 ለመሙላት ከአራት ወር ትንሽ በላይ ይፈልጋል፣ በላዩ ላይ አንድ ወር ይጨመራል። ከመጀመሪያው ቀረጻ እስከ መጀመሪያው ክፍያ አንድ ዓመት ተኩል ማለት ነው፤ ሰፊ ተመልካች በሌለው ርዕስ ይህ ዘገየ የሚባል አይደለም።

ማይኩ ገና አልተመለሰም። ነገር ግን ከቪዲዮው ሥር ስልኬን ያስቀመጥኩት ነገር ሌላ አመጣ፦ ፕሪትሪፕ በአካል እንዳለማምዳቸው የሚደውሉ ሰዎች። ግቢውን የሰጠኝ ሰው ለቅዳሜ ጠዋት ተስማምቷል። ኢንሹራንሱ እስኪጣራ ግን ማንንም መሪ ላይ አላስቀምጥም፤ ዙሪያውን ዞሮ መናገር ብቻ።

የዚህ ሳምንት ሥራ አዲሱ የኢፍታ ቪዲዮ ነው። የአራተኛው ሩብ ዓመት መዝጊያ ጃንዋሪ 31 ስለሆነ ከሁለት ሳምንት ቀድሞ መውጣት አለበት። የሦስት ስቴት ማይልና የጋሎን ደረሰኝ ለምሳሌ አዘጋጅቻለሁ፤ ሰሌዳው ላይ የሚቀረኝ የፔንሲልቬኒያው ስሌት ነው።